ስልኬ ላይ የጻፍኩት የጓደኛዬ ሒሳብ



አንዱ ሁሌ ሰጪ፣ ሌላው ሁሌ ተቀባይ በሆነበት ጓደኝነት ውስጥ ያለ ሰው «ልናገር ወይስ ልተወው?» እያለ ሲብሰለሰል ይከርማል። እኔም ከርሜበታለሁ።

ጓደኛዬን ካወቅኩት 11 ዓመት አለፈ። ስንገናኝ የቁርሱን የምከፍለው እኔ፣ የምደውለው እኔ፣ ቤት ሲቀይር ዕቃ የተሸከምኩት እኔ። እናቱ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ ሁለት ሌሊት አብሬው አድሬያለሁ። ዓምና የኔ እናት ዘጠኝ ቀን ስትተኛ ግን እሱ አንድም ቀን ብቅ አላለም። «አላህ ያሽራት» የሚል መልእክት ላከ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ያደረግኩለትን ሁሉ ስልኬ ላይ መመዝገብ ጀመርኩ። 18 ደረሰ።

አንድ ቀን ከዒሻ በኋላ ለሰፈራችን ሸኽ ዝርዝሩን አነበብኩላቸው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ ‹ትመልሳለህ› ብለህ የሰጠኸው የትኛውን ነው?» አንድ ብቻ ነበር፤ 4,000 ብር። «እሱን ጠይቀው። ሌላውን አጥፋው።»

መጀመሪያ አልተዋጠልኝም። ሳስበው ግን የኔ ጥፋት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ መደመሬ ነበር።

ብድር ብድር ነው። በቁርኣን ረጅሙ አያ፣ ሱረቱል በቀራህ 282፣ የሚናገረው ስለ ብድር ነው፤ ጊዜው ተወስኖ እንዲጻፍም ያዛል። ስለዚህ «ገንዘቤን መቼ ትመልስልኛለህ?» ማለት ንፉግነት አይደለም። ተበዳሪው ከተቸገረ እስኪያገኝ መጠበቅ ግድ ይላል (280ኛው አያ)፣ ግን መቸገሩን የምናውቀውስ ሳንጠይቀው እንዴት ነው? እኛ ሀገር ብድር መጠየቅ እናፍራለን፤ ከዚያ እፍረቱን በኩርፊያ እናወጣዋለን።

ቁርሱ፣ ታክሲው፣ ዕቃ መሸከሙ ሌላ ነው። እነዚህን «ይመለስልኛል» ብዬ አልሰጠሁም። ዛሬ አንድ በአንድ ብቆጥርበት በዚያው ሱራ 264ኛው አያ የተከለከለው መመጻደቅ ውስጥ እገባለሁ፤ የሰጠሁትንም ምንዳውን አበላሸዋለሁ። ሰለቸኝ ካልኩ መፍትሔው ንግግር ሳይሆን ከዚህ በኋላ አለመክፈል ነው። «ዛሬ አንተ ጋብዘኝ» ማለትም ይቻላል። እውነቱን ለመናገር፣ በ11 ዓመት ውስጥ ይህቺን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አላልኳትም። ሒሳብ ሲመጣ እጄን ቀድሞ ኪሴ የምከተው እኔው ነበርኩ፤ መስጠቱ ደስ ይለኝ ነበራ!

የእናቴ ጉዳይስ? እዚህ ላይ ሸኹ «አጥፋው» ያሉት ለመቁጠሩ እንጂ ለስሜቴ አይመስለኝም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ ከቆጠሯቸው አንዱ የታመመን መጠየቅ ነው። እኔ እናቱ ዘንድ ስላደርኩ የመጣ ዕዳ አይደለም፤ ባላድርም ሐቅ ነው። ስለዚህ «እኔ ሁለት ሌሊት አድሬልህ አንተ…» ብሎ መጀመር ስህተት ነው። «እናቴ ስትተኛ ባለመምጣትህ ተከፍቻለሁ» ማለት ግን ይቻላል፣ እንዲያውም አራት ወር ከማኩረፍ ይሻላል። አዎ፣ እኔ አራት ወር አልደወልኩም።

ሁለታችን ብቻ ሆነን ተገናኘን። ዝርዝሩን ከስልኬ አጥፍቼ ነበር የሄድኩት፤ ስልኩ ውስጥ ካለ እንደማነበው አውቃለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ተናገርኩ፦ ስለ 4,000 ብሩና ስለ ሆስፒታሉ።

ዝም አለ። ከዚያ «ብርህን ሳልመልስ ባዶ እጄን እናትህ ፊት እንዴት ልቁም?» አለኝ። ሆስፒታሉ በር ድረስ መጥቶ ተመልሷል። ብርቱካን ሊገዛ አስቦ፣ «ለብርቱካን ያለው ለብድሩ የለውም?» ትለኛለህ ብሎ ፈርቶ። እኔ የናቀኝ መስሎኝ ስቆጥር፣ እሱ ያልጠየቅኩትን ብድር እየፈራ ይሸሸኝ ነበር።

ሁሉም እንዲህ አይገኝም። ተጠይቆ የሚስቅ፣ «አንተ ምን ጎደለህ?» የሚልም አለ። ለእንዲህ ያለው ሰላምታውን ሳያቋርጡ ኪስንና ጊዜን መሰብሰብ ነው እንጂ ሁለተኛ ንግግር የሚጠቅመው አይመስለኝም። ግን ያ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ጊዜ በግልጽ ከተጠየቀ በኋላ ነው።

የኛ ነገር አልተስተካከለም ማለት ይቻላል። ከ4,000ው 1,500 መልሷል፣ ቀሪውን በየወሩ 500 ሊሰጠኝ ተስማምተናል፤ ይህን ጽፈነዋል። አሁንም አብዛኛውን ጊዜ የምደውለው እኔ ነኝ። ባለፈው ጁሙዓ ግን ከሶላት በኋላ እናቴን ሊጠይቅ መጣ፣ ባዶ እጁን። እናቴም ምሳ ሳይበላ አለቀቀችውም።