ስለ ሱቅ ገጽ ጠባቂና ስለ ወር ሒሳቡ



በ2017 ዓ.ም. የገና በዓል ካለፈ በኋላ፥ በጥር ወር፥ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እዚህ ላሊበላ ወደሚገኘው ቤቴ መጣ። ሥራው የሦስት ሱቆችን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ መጠበቅ ነው። ይኸውም የዕቃውን ፎቶግራፍ ያነሣል፥ ከሥሩ ጥቂት ቃል ይጽፋል፥ ለጠያቂ መልስ ይሰጣል፤ ስለዚህም ሁሉ በየወሩ ከባለሱቆቹ ቋሚ ክፍያ ይቀበላል። በዚያ ቀን ግን ከሦስቱ ባለቤቶች አንዷ፥ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ እናት፥ ውሉን ለማፍረስ ተነሥተውበት ነበር። «መምህር፥ ሰው ሁሉ ገጹን እየወደደው እርሳቸው ግን ‹ልጄ፥ እኔ ምን አተረፍሁ?› ይሉኛል» አለኝ።

ደብተሩን ገልጬ የታኅሣሥን ወር አየሁ። ወጣቱ በዚያ ወር 12 ማስታወቂያ አውጥቷል፤ ሁሉም ተደምሮ 9,400 ጊዜ ታይቷል። ከዚህ ውስጥ 6,000 ያህሉ የአንድ ፎቶግራፍ ድርሻ ነው፤ እርሱም ቤተ ጊዮርጊስን ከነምእመናኑ የሚያሳየው ነበር። ስለ ነጠላ ዋጋ የጠየቁት ግን አራት ሰዎች ሲሆኑ፥ የገዛው አንድ ብቻ ነው። ከአራቱም ጠያቂዎች ሦስቱ የመጡት 310 ጊዜ ብቻ ከታየው ከአንድ ነጠላ ፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ እውነት ነበራቸው። ሰው የወደደው ቤተ ክርስቲያኑን እንጂ ሸማውን አልነበረምና።

ከዚያም አብረን ስሕተቱን መፈለግ ጀመርን። የመጀመሪያው በቀን አቆጣጠሩ ተገኘ። ወጣቱ የወሩን ማስታወቂያ በሰሌዳ ከፋፍሎ ያዘጋጃል፤ ነገር ግን ስለ በዓሉ ልብስ መናገር የጀመረው በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ሸማኔ ጥለት ያለውን ነጠላ ለመጨረስ ቀናት ያስፈልጉታል፤ በውጭ አገር ያለ ልጅ ላስታ ላለች እናቱ ሊገዛላት ቢወድ ደግሞ ለማሰብም፥ ገንዘብ ለመላክም ጊዜ ይሻል። ስለዚህ ሰሌዳው ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ይሠራል እንጂ ከወሩ መባቻ ወደ ፊት አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት የሚያስቅ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው ይስተዋል። ማስታወቂያን አስቀድሞ ጽፎ በተወሰነ ሰዓት እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም መረብ በሚቆራረጥበት አገር እጅግ ይጠቅማል። ወጣቱ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን በሚያይበት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንዲወጣ አስቦ 2:00 ብሎ ጻፈ። መሣሪያው ግን በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራልና ማስታወቂያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፥ ወጣ። የኛን ከምሽቱ 2 ሰዓት ለማለት 20:00 ወይም 8:00 PM ተብሎ መጻፍ ይገባዋል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ የዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 በመሣሪያው ዘንድ January 7 ነበር። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ይበጃል።

ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 12 ቀን ይውል ስለ ነበር፥ ከዚያ ስምንት ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥረን አዲስ ሰሌዳ አወጣን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሸማኔው በሥራው ላይ ሳለ ይታያል። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት እያንዳንዱ ነጠላ ከነዋጋው፥ ከነርዝመቱና ከነጥለቱ ዓይነት ይቀርባል፤ መጋቢት 25 የትእዛዝ መጨረሻ መሆኑም በየጊዜው ይነገራል። በቀረው ጊዜ በሱቁ ውስጥ ያለው ብቻ ይወጣል። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሚቆምና ባለሱቋ ስልክ ለማንሣት ጊዜ ስለማይኖራቸው፥ ዓርብ ማታ ምንም እንዳይወጣ ተስማማን። ጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳልና።

ቀጥሎ የወሩን መግለጫ አስተካከልን። ገጹ ራሱ Insights በተባለው ክፍል ማስታወቂያው ስንት ጊዜ እንደ ታየና ተከታዮቹ ከየት ከተማ እንደ ሆኑ ይናገራል፤ ማን እንደ ገዛ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው የሱቁ ደብተር ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጠላ ቁጥር ሰጠነው፤ ቁጥሩም በፎቶግራፉ ሥር ይጻፋል። ገዢው መጥቶ ወይም ደውሎ «ሰባተኛውን እፈልጋለሁ» ሲል ባለሱቋ ከቁጥሩ አጠገብ ምልክት ያደርጋሉ። በወሩ መጨረሻ መግለጫው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ታየ፥ ስንት ሰው ጠየቀ፥ ስንት ሰው ገዛ፥ በሚመጣው ወርስ ምን ይለወጣል የሚሉትን አራት ነገሮች ብቻ ይዟል።

የክፍያውም ነገር ብዙ ጊዜ የጠብ ምክንያት ስለሚሆን፥ በሰዓት እንድንቆጥረው መከርሁት። ለ12 ማስታወቂያ ፎቶግራፉና ጽሑፉ ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 18 ሰዓት ይሆናል። ለጠያቂዎች መልስ መስጠት በቀን ግማሽ ሰዓት፥ በ26 ቀን 13 ሰዓት ነው። ለመግለጫውና ለምክሩ 3 ሰዓት ሲጨመር ድምሩ 34 ሰዓት ይሆናል። ለሰዓቱ 100 ብር ብንል 3,400 ብር፥ ለኢንተርኔት ጥቅል 600 ብር ሲጨመር በወር 4,000 ብር ነው። ባለሱቋም የሚከፍሉት ስለ ምን እንደ ሆነ ያያሉ፤ ወጣቱም በዚያው ዋጋ 20 ማስታወቂያ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይኖረዋል። ውሉ የሥራውን መጠን ይወስናል እንጂ የገዢውን ብዛት አይምልም።

በውሉ ላይ ሁለት ነገር ጨመርን። አንደኛው መረብ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደ ቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ነገር ከአንድ ሳምንት በላይ ቢቆይ፥ ወጣቱ ፎቶግራፍ እያነሣና ደብተሩን እያደራጀ ይቆያል፤ ክፍያውም ግማሽ ይሆናል። ሁለተኛው የገጹ ባለቤትነት ነው። የፌስቡክ ገጹ የተከፈተው በወጣቱ ስም ስለ ነበር፥ እርሱ ቢሰደድ ወይም ቢጣላ ሱቁ ከነደንበኞቹ በጠፋ ነበር። ስለዚህ ሙሉው ሥልጣን፥ ገጹ Full control የሚለው፥ ለባለሱቋ ተሰጠ፤ ወጣቱም ለሥራው የሚበቃውን ያህል ብቻ ያዘ።

ከፋሲካ በኋላ መግለጫውን ሊያሳየኝ መጣ። ማስታወቂያዎቹ በሁለቱ ወራት የታዩት 5,200 ጊዜ ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ አንድ ወር ከታዩት እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን 27 ሰዎች ጠይቀው 11 ገዝተዋል፤ ከእነርሱም አምስቱ በሩቅ ያሉ ልጆች ለእናቶቻቸው የገዙ ናቸው።

«እርሳቸውስ ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቁጥሩን አልጠየቁኝም፥ መምህር፤ በራሳቸው ደብተር ቆጥረው ጠበቁኝ። የሚያዝያንም ክፍያ በእጄ ሰጡኝ» አለኝ።