“አሥር ፐርሰንት” የምን አሥር ፐርሰንት?



በመንደራችን ቤት የሚከራይ ሰው ከአከራዩ ጋር በሚገባ ይከራከራል። ስለ ውሃው፣ ስለ መብራት ቆጣሪው፣ ግቢው በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጠይቃል። ከደላላው ጋር ግን በአንድ ቃል ተግባብቶ ይለያያል። ደላላው “ያው እንደተለመደው አሥር ፐርሰንት ነው” ይላል፤ ተከራዩም “እሺ” ይላል። ይህች “እሺ” ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰች የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አሥር ፐርሰንት የሚባለው ከምን ላይ እንደሚታሰብ የጠየቀ ግን የለም።

ሒሳቡን እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንሥራው። ባለ ሁለት ክፍል ቤት በወር 12,000 ብር ተገኘ እንበል። አሥር ፐርሰንቱ ከአንድ ወር ኪራይ ላይ ከታሰበ 1,200 ብር ነው። በቅድሚያ ከሚከፈለው የሁለት ወር ኪራይ ላይ ከታሰበ 2,400 ብር ይሆናል። ከጠቅላላው የውል ዘመን ላይ ይታሰብ ከተባለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አዋጁ ይህን ያደረገው ተከራዩ በየስድስት ወሩ ዕቃውን ተሸክሞ እንዳይንከራተት ነው። ታዲያ ደላላው የ24 ወሩን ኪራይ ደምሮ 288,000 ብር ካደረሰ በኋላ “አሥር ፐርሰንቴን” ቢል 28,800 ብር ሊጠይቅ ነው! ይህ የሁለት ወር ከግማሽ ያህል ኪራይ ነው። ያው አዋጅ አከራዩ እንኳ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ከልክሏል። ባለቤቱ የማይጠይቀውን ደላላው ሊጠይቅ ነው ማለት ነው። አንዱ ቃል ሦስት ዋጋ አለው፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነውም መጨረሻ ላይ የሚናገረው ሰው ነው።

ይህ በወሬ የሚነገር ብቻ አይደለም። ሁለት ልጆች ያሏት አንዲት የመንደራችን ወይዘሮ ልክ በዚህ ዋጋ ቤት ተገኘላት። ውሉ ተፈርሞ፣ ዕቃዋ መኪና ላይ ተጭኖ በር ላይ ቆሟል። ደላላው የሁለት ዓመቱን አስልቶ ጠየቃት። “ኧረ እኔ የአንድ ወሩ መስሎኝ ነው” ብትለው፣ “እናቴ፣ ውሉ የሁለት ዓመት አይደለም እንዴ?” አላት። ቁልፉ ደግሞ በእሱ እጅ ነበር። የመኪናው ሾፌር ጥሩምባውን ይነፋል፤ ልጆቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ተለምኖ በ7,000 ብር ተጨረሰ። እሷም “ተመስገን፣ ቀነሰልኝ” ብላ ገባች። ልብ በሉ፤ ቀነሰልኝ ያለችው 1,200 ብር እከፍላለሁ ብላ የወጣችው ሴት ናት።

እንግዲህ የክርክሩ ጊዜ መቼ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። ፍለጋው ሳይጀመር ደላላው እናንተን ይፈልጋል፤ ዋጋው ካልተስማማችሁ ሌላ ደላላ መንገድ ላይ ሞልቷል። ቤቱ ተገኝቶ፣ ልባችሁ ወዶት፣ የድሮውን ቤት ለቃችሁ ከሆነ ግን የምትለምኑት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ዋጋው አንድም ቤት ሳታዩ ይቆረጥ፤ የሚቆረጠውም በፐርሰንት ሳይሆን በብር ይሁን።

በብር የምንልበት ሌላም ምክንያት አለን። በፐርሰንት የሚሠራ ደላላ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር የሱም ድርሻ ይጨምራል። አከራይዋ 11,000 ልትል አስባ ሳለ “ኧረ 13,000 በይ፣ ሰው አለኝ” የሚላት ማን ሆነና! ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ለማን እንደቆመ እሱም አያውቀው። በቁርጥ ብር ከተስማማችሁ ኪራዩን ለማስወደድ ምክንያት አይኖረውም። እንዲያውም “1,500 ብር እከፍልሃለሁ፤ ኪራዩን ከ12,000 በታች ካስጨረስክልኝ 500 እጨምርልሃለሁ” ብትሉት ለእናንተ ይከራከራል።

ስንት ብር ተገቢ ነው ለሚለን፣ ከአንድ ወር ኪራይ አሥር በመቶ ተነሡና ሥራውን ተመልከቱ። አንድ ክፍል የትም ይሁን የሚል ሰው ደላላውን ብዙ አያደክምም። ደረጃ መውጣት የማይችሉ እናት ያሏት፣ ምድር ቤትና የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት፣ ያውም ከትምህርት ቤቱ አጠገብ የምትል ተከራይ ግን ሳምንት ሙሉ ታስሮጠዋለች። ለእንዲህ ያለው ሥራ እጥፍ ቢጠይቅ አናወግዘውም። የምናወግዘው ሳይነገር የሚመጣውን ነው።

ከብሩ ቀጥሎ ሦስት ነገር ይነገር። ክፍያው መቼ ነው? ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ በተከራዩ እጅ ሲገባ እንጂ ቤት ስላሳየ ብቻ መሆን የለበትም። ሁለተኛ ደላላ ቢኖርስ? አብዛኛውን ጊዜ እናንተ የነገራችሁት ደላላ ቤቱን በእጁ አልያዘውም፤ ለሌላው ይደውላል፣ ሌላውም ለሌላው። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰው በር ላይ ቆሞ “የኔስ?” ይላል። ስለዚህ “ስንትም ሁኑ፣ ከዚችው ብር ተካፈሉ” ተብሎ አስቀድሞ ይነገር። ቤቱን በራሳችሁ ወይም በዘመድ ብታገኙትስ? ያን ጊዜ ምንም እንደማይከፈል ይታወቅ።

አንዳንዶች “እንዲህ ካልኩት ተቀይሞ ቤት አያሳየኝም” ይላሉ። ዋጋውን ተናገር ሲባል የሚቀየም ደላላ፣ በኋላ ምን ሊጠይቅ እንዳሰበ ያን ጊዜውኑ ነግሯችኋል። ተዉት፤ ይሂድ። ሥራውን የሚያውቅ ደላላ እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ለእሱም በር ላይ መጨቃጨቅ ትርፍ የለውም።

እዚህ ላይ ለተከራዮችም የምንለው አለን። ደላላው ያሳያችሁን ቤት ማታ ተመልሳችሁ ከአከራዩ ጋር በጓሮ የምትጨርሱ አላችሁ። ይህ የሰው ላብ መብላት ነው። ደላላው “አስቀድማችሁ ክፈሉኝ” እያለ የሚያስቸግረው አንዱ በዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ይህንንም ይጨምር።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም፤ ከደብተር የተቀደደች ግማሽ ገጽ ትበቃለች። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

“እኔ ደላላ እገሌ ለእገሊት በወር ከ10,000 እስከ 13,000 ብር የሚከራይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ላፈላልግ ተስማምቻለሁ። ዋጋዬ 1,500 ብር ብቻ ሲሆን፣ የምቀበለው ውሉ ተፈርሞ ቁልፍ ሲሰጣት ነው። አብሮኝ የሚሠራ ደላላ ቢኖር ከዚሁ ገንዘብ እናካፍላለን። እኔ ያሳየኋትን ቤት በሌላ መንገድ ብትከራየው ይኸው ዋጋ ይከፈለኛል፤ ራሷ ያገኘችውን ግን አልጠይቅም።”

ቀኑ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፤ አንድ ጎረቤት ምስክር ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። ደላላው መፈረም ካልወደደ ይህንኑ በስልክ ጽፋችሁ ላኩለትና “እሺ” ብሎ በጽሑፍ እስኪመልስ አንድም ቤት ለማየት አትውጡ። ባዶ ቦታ የተተወለት ቅጂ ከዚህ ሰሌዳ ሥር ተሰቅሏል፤ መገልበጥ ለሁሉም ይፈቀዳል፤ ለደላሎችም ጭምር።