ከቀረጻ በፊት የሚደረግ ምዘና፦ ስለ ቪዲዮ ቻናል የትኩረት ዘርፍ አመራረጥ

በዩቲዩብ የአማርኛ ቻናል ለመክፈት የሚያስብ ባለሙያ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከመቅረጹ በፊት የራሱን ዕውቀት፣ የተመልካቹን ፍላጎትና የውድድሩን መጠን እንዲመዝን ይመከራል። ለእያንዳንዱ መስፈርት ከ5 ነጥብ ሰጥቶ መደመር ግን ያሳስታል። በዕውቀት 5፣ በውድድር ማነስ 5፣ በፍላጎት ደግሞ 0 ያገኘ ርዕስ ድምሩ 10 ስለሚሆን በሦስቱም 3 ያገኘውን ርዕስ ይበልጣል፤ ሆኖም የሚያየው ሰው የለም። ነጥቦቹ ቢባዙ የመጀመሪያው 0፣ ሁለተኛው 27 ይሆናሉ። ሦስቱ መስፈርቶች አንዱ የሌላውን ጉድለት ስለማይሸፍን ተገቢው ስሌት ማባዛት ነው።

ለምሳሌ አንድ የእንስሳት ሕክምና ምሩቅ ስለ ዶሮ እርባታ ሊያስተምር አሰበ እንበል። ርዕሱ ሰፊ በመሆኑ ብዙ ተከታይ ያላቸው ቻናሎች ቀድመው ይዘውታል። ወደ ፈንግል ክትባት አሰጣጥ ቢያጠብበውና ጥቂት ቪዲዮዎች ብቻ ቢያገኝ፣ የቪዲዮው ማነስ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወይ ጠያቂ የለም፣ ወይ መላሽ አልተገኘም። ሁለቱን ለመለየት በሰፊው ርዕስ ሥር የተሰጡትን አስተያየቶች ማንበብ ይጠቅማል። «ከተከተቡ በኋላ ለምን ሞቱ?» የሚል ጥያቄ በተለያዩ ቪዲዮዎች ሥር እየተደጋገመ መልስ ካላገኘ፣ ፍላጎቱ አለ ማለት ነው። ጥቂት ተከታይ ያለው ቻናል በዚሁ ርዕስ ከተከታዮቹ ቁጥር እጅግ የበለጠ ዕይታ አግኝቶ ከሆነም ተመልካቹን የሳበው ርዕሱ እንጂ የቻናሉ ዝና እንዳልሆነ ይገመታል።

በአማርኛ ፍለጋን መለካት የራሱ ችግር አለው። አንዱ «እርባታ»፣ ሌላው «ዕርባታ» ብሎ ይጽፋል፤ በላቲን ፊደል የሚፈልግም አለ። አንዱን አጻጻፍ ብቻ የሞከረ ሰው የተበታተነውን ፍላጎት አነስተኛ አድርጎ ሊገምተው ይችላል።

ዕውቀትን የሚፈትነው ዲግሪው አይደለም። ምሩቁ እያንዳንዳቸው የተለየ ጥያቄ የሚመልሱ 20 ርዕሶችን ጽፎ ለእያንዳንዱ መልስ መስጠት ይችል እንደሆነ ራሱን ይመርምር። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ሕያው ክትባት በክሎሪን በታከመ ውኃ ከተበጠበጠ ኃይሉን እንደሚያጣ የማያውቅ ሰው ቪዲዮው ብዙ ዕይታ ቢያገኝ እንኳ ጉዳቱ በአርቢው መንጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ እዚህ ላይ በዕውቀት የሚሰጠው ነጥብ 0 ከሆነ፣ ፍላጎቱ ምንም ያህል ቢበዛ ቀረጻው መጀመር የለበትም።

ይህ ምዘና ወሰን አለው፤ የሚያሳየው ሰዎች አሁን የሚጠይቁትን ብቻ ነው። ገና ስም ያልወጣለት ችግር በፍለጋ ሳጥን ውስጥ አይታይም፤ እርሱን የሚያገኘው በየመንደሩ ከአርቢዎች ጋር የሚነጋገር ባለሙያ ነው።