ወንበር አይቆጠርም ያለው ማነው?

«የማይቆጠር ስም ማለት ሊቆጠር የማይችል ነገር ስም ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ የእንግሊዝኛ መምህር ሁሉ እስቲ ጠመኔውን ያስቀምጥልኝ! ምሳሌው ውኃና አሸዋ እስከሆነ ድረስ ነገሩ ያስኬዳል። «ፈርኒቸር» ሲመጣ ግን ተማሪው ዞር ብሎ ክፍሉን ያያል፤ ጠረጴዛው አንድ፣ ወንበሩ አርባ። ምኑ ነው የማይቆጠረው? «መኒ»ስ ቢሆን፣ ባንክ ቤት በማሽን ሲቆጠር እየዋለ አይቆጠርም ይባላል? ልጁ ሞኝ አይደለምና ዓይኑን አምኖ «ፈርኒቸርስ» ብሎ ይጽፋል፤ በቀይ እስክሪብቶ የሚቀጣው ግን እሱ ነው።

የማይቆጠረው ቃሉ እንጂ ዕቃው አይደለም። እንግሊዝኛ «ቼር» ላይ «ኤስ» ይጨምራል፣ «ፈርኒቸር» ላይ አይጨምርም፤ ልማዱ ነው፣ በቃ። ፈረንሳዮች መረጃንም ምክርንም የቤት ዕቃንም በብዙ ቁጥር ይጠራሉ። የፓሪስ ወንበር ከለንደኑ ይልቅ ለቆጠራ ይመቻል እንዴ?

ይባስ ብሎ «ኤስ»ን መሰረዝ ብቻ እርማት የሚመስላቸው አሉ። በየማመልከቻው የማየውን ልጥቀስ፦ «አይ ኒድ ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ። ዜይ አር ኢምፖርታንት።» «ኤስ»ን ብታጠፉ «ሜኒ ኢንፎርሜሽን» ይቀራል፤ «ሜኒ» ደግሞ ብዙ ቁጥር ካልተከተለው አይቆምም። እኛ በ«ብዙ» አንድ ቃል ሁሉንም ስለምንሸፍን ይህ አይታየንም። «ማች» ብትተኩበት ሰዋስዉ ያልፋል፤ ለጆሮ ግን ይጎረብጣል። በተራ ንግግር «ማች» ቦታው ጥያቄና አሉታ ነው፦ «ሀው ማች ኢንፎርሜሽን»፣ «ኖት ማች አድቫይስ»። በአዎንታ «ኤ ሎት ኦቭ» ይሻላል፤ «ቱ ማች» እና «ሶ ማች» ሲሆን ግን ያለ ችግር ይገባል። ገና አላለቀም፤ «ዜይ አር» የሚለውም ወደ «ኢት ኢዝ» መመለስ አለበት። አንዲት «ኤስ» ግሱንና ተውላጠ ስሙን ሁሉ ይዛ ነበር የገባችው! የሚገርመኝ፣ ብዙ አራሚ እዚህ አይደርስም።

የተጨነቀ ሰው «ሰም» ይበል። «ሰም ቼርስ»ም «ሰም ፈርኒቸር»ም ያስኬዳል። «ሰም በጥያቄ አይገባም» የሚለውን የመጽሐፍ ሕግ ደግሞ አትመኑት፤ እንግሊዛዊ እንግዳውን ሻይ ሲጋብዝ «ዉድ ዩ ላይክ ሰም ቲ?» ነው የሚለው። እውነት ነው፣ ደረቅ ጥያቄ ሲሆንና በአሉታ «ኤኒ» ይበዛል።

«ኤን አድቫይስ» የሚሉትን ግን አልምርም። አንድ ምክር ብቻ ነው ካላችሁ «ኤ ፒስ ኦቭ አድቫይስ» በሉ፤ ሁለት ከሆነም «ኤስ» የምትለጠፈው «ፒስ» ላይ ነው፣ «ቱ ፒስስ ኦቭ አድቫይስ»። «አድቫይስ»ን አትንኩት!