ግሽበቱ ቀነሰ፣ አስቤዛው ግን የት ረከሰ?

«ልጄ፣ ግሽበት ቀንሷል ይሉናል። ሱቅ ስሄድ ግን የቀነሰ ነገር አላየሁም። ማነው የሚዋሸው?» ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ በር ላይ ይዘው ጠየቁኝ።

ማንም ላይዋሽ ይችላል። ግሽበት የሚነግረን ዋጋ በምን ፍጥነት እየጨመረ እንደሆነ ነው፤ የት እንደደረሰ አይነግረንም። በአገራችን በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ከ20 በመቶ በታች ወርዷል። ቀነሰ ማለት ጭማሪው ቀዘቀዘ ማለት እንጂ ቀድሞ የተጨመረው ተመለሰ ማለት አይደለም።

በአንድ ቤት አስቤዛ እናስላው። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ከሰሉ፣ ሳሙናው ተደምሮ በወር 10,000 ብር ይፈጅ ነበር እንበል። ለአስቤዛ የሚተርፈው ደመወዝም ያው 10,000 ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋ 30 በመቶ ሲጨምር ያው ዘንቢል 13,000 ገባ። በሁለተኛው ዓመት ግሽበቱ በግማሽ ወርዶ 15 በመቶ ሆነ። ይህ 15 በመቶ ግን የሚሰላው ከ13,000 ላይ ስለሆነ ዘንቢሉ 14,950 ብር ደረሰ።

በዚሁ ዓመት ደመወዝ 20 በመቶ ተጨመረና ገንዘቡ 12,000 ሆነ። «ከግሽበቱ በላይ ጨመርንላችሁ» ቢባል ለዚያ ዓመት እውነት ነው። ነገር ግን 12,000 ብር የዘንቢሉን 80 በመቶ ብቻ ነው የሚሞላው። ቤቱ ከአስቤዛው አንድ አምስተኛውን አጥቷል።

የጠፋው ከየት ይቀነሳል? መጀመሪያ ሥጋና እንቁላል ይቀራሉ። ቀጥሎ ጤፉ ከማሽላ ወይም ከሩዝ ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ባለ አምስት ሊትር ዘይት መግዛት ይቀርና በትንሽ ጠርሙስ ማስቀዳት ይመጣል። ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ባለሱቁ ቸርችሮ ሲሸጥ የሊትሩ ዋጋ ከጀሪካኑ ስለሚበልጥ፣ ብር ያጠረው ቤት ለዚያው ዘይት የበለጠ ይከፍላል። የዋጋ መለኪያው ደግሞ ያንኑ ዕቃ በዚያው መጠን እያነጻጸረ ስለሚሄድ፣ ከጀሪካን ወደ ጠርሙስ የወረደውን ቤት አያየውም።

ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪ ሲነሳ «የዘንድሮው ግሽበት ስንት ነው?» ብሎ መጀመር፣ በእኔ እምነት ሠራተኛውን መጉዳት ነው። መጠየቅ ያለበት ከመጨረሻው ጭማሪ ወዲህ ዘንቢሉ ስንት እንደገባ ነው። ከላይ ያለው ቤት ወደነበረበት ለመመለስ 50 በመቶ ገደማ ጭማሪ ያስፈልገው ነበር፤ ያገኘው 20 ነው።

ይህን ስነግራቸው ጎረቤቴ «እና ወደ ድሮው አይመለስም በለኛ!» አሉ። ሽንኩርትና ቲማቲም ምርት ሲደርስ ረከስ ይላሉ፤ ጠቅላላው ዘንቢል ግን ወደ 10,000 የሚመለስ አይመስለኝም። ያላቸው ተስፋ ደመወዙ እንዲደርስበት ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጡረተኛ ናቸው።