የተመለሰው የትምህርት ክፍያ፦ ኪሳራውን ማን ይሸከም?

አንድ አባት ካናዳ ለምትማር ልጃቸው የሴሚስተር ክፍያ 6,000 የካናዳ ዶላር ከአዲስ አበባ በባንክ ላኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባንኩ ደወለ፤ ገንዘቡ ተመልሷል። የመጣው ግን 5,930 ነው። 70ው በመንገድ ላይ ያሉ ባንኮች የአገልግሎት ክፍያ ሆኖ ቀርቷል። የመክፈያው ቀን ደግሞ አልፏል።

ምክንያቱ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው የተቀባዩ ስም ነው። ቅጹ ላይ የተጻፈው ዩኒቨርሲቲው የሚታወቅበት ስም ሲሆን የባንክ ሒሳቡ የተከፈተው ግን በሌላ ሕጋዊ ስም ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ኦክስፎርድ እንኳ በሕግ የሚጠራው በቻንስለሩ፣ በማስተሮቹና በስኮላሮቹ ስም ነው። ስለዚህ የተቀባዩ ስም ከማስታወስ ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲው ደረሰኝ መጠየቂያ ላይ ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት።

ሁለተኛው ማጣቀሻው ነው። በክፍያው ምክንያት ቦታ ላይ “የትምህርት ክፍያ” ብቻ ተጻፈ፤ የተማሪዋ መለያ ቁጥር የለም። እዚህ ላይ የእኛ የስም አጠራር ችግሩን ያባብሰዋል። በብዙ አገሮች አባትና ልጅ በቤተሰብ ስም ይገናኛሉ። እኛ ጋር የልጅቷ የመጨረሻ ስም የአያቷ ነው፤ የአባቷ የመጨረሻ ስም ደግሞ የቅድመ አያቷ። ለካናዳው የሒሳብ ሠራተኛ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ሊያገናኛቸው የሚችለው ቁጥሩ ብቻ ነው። በተለመደው የስዊፍት መልእክት ለዚህ የተመደበው ቦታ 140 ፊደላት ይይዛል፤ ለመለያ ቁጥርና ለሙሉ ስም ከበቂ በላይ ነው።

ሁለቱ ስህተቶች የሚታዩት በተለያየ መንገድ ነው። ስሙ ካልገጠመ ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ ተቀባዩ ባንክ ላይ ይቆማል። ማጣቀሻው ከጎደለ ግን ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። የት እንዳለ ለማወቅ ላኪው የስዊፍቱን ኮፒና ዩኢቲአር የሚባለውን 36 ፊደልና ምልክት ያለው መከታተያ ቁጥር ከባንኩ መጠየቅ አለበት። ገንዘቡ ከመመለሱ በፊት ከተደረሰበት በማስተካከያ መልእክት ሊድን ይችላል።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን መዘግየቱ ራሱ ዋጋ አለው። የተመለሰው ገንዘብ ወደ ብር የሚለወጠው በመግዣ ዋጋ ነው፤ እንደገና ሲላክ የሚገዛው በመሸጫ ዋጋ። ልዩነቱን የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው።

ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ደንበኛው የተሳሳተ ስም ካቀረበ ኪሳራው የእሱ ይሁን። በትክክል ያቀረበውን የባንኩ ሠራተኛ አሳጥሮ ወይም ዘሎ ከጻፈው ግን ባንኩ ይክፈል። ማን እንደተሳሳተ ለመለየት አንድ ገጽ ይበቃል፦ መልእክቱ ከመላኩ በፊት ታትሞ ደንበኛው አንብቦ ይፈርምበት። ያ አባት ይህ ዕድል ቢሰጣቸው ኖሮ የልጃቸው መለያ ቁጥር እንደሌለ በአንድ ደቂቃ ያዩት ነበር።