ግስ ያለ አገባብ

ዛሬ የምጣላው ከሰው ጋር አይደለም፤ ከወረቀት ጋር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚያዘግም ሰው ይህን ወረቀት በየፎቶ ኮፒ ቤቱ መስታወት ላይ ተለጥፎ ያየዋል። ስሙ «ሾርት ኖት» ነው። ሠላሳና አርባ ገጽ የፈጀ የመማሪያ መጽሐፍ ምዕራፍ በሁለት ገጽ ተጨምቆ፣ በደቃቅ ፊደል ታትሞ፣ በጥቂት ብር ይሸጣል። ተማሪው አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል፤ በመንገድ ላይ እያወጣ ይሸመድደዋል። እኔ ግን ይህ ወረቀት ምዕራፉን አያሳጥረውም፤ ይገድለዋል ባይ ነኝ።

ክሴን ከማሰማቴ በፊት አንደኛው ተከሳሽ እኔው ራሴ መሆኔን ልናዘዝ። ቡራዩ ውስጥ የምሠራ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። ሱሉልታ የምትኖር የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት የኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፏን ታቅፋ መጣች። ያስጨነቃት ምዕራፍ ስለ ገንዘብና ስለ ባንክ የሚያትት፣ 38 ገጽ ያለው ነበር። «ጋሼ፣ አንተ እኮ እዚያው ውስጥ ነው የምትውለው፤ አሳጥረህ ስጠኝ» አለችኝ። ኮራሁ። በአንድ ምሽት ሁለት ገጽ አዘጋጀሁላት፤ ሃያ ሦስት ጽንሰ ሐሳቦች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስመር ትርጉም፣ ሁሉም በተራ ቁጥር። እጅግ ንጹሕ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ፈተናው ላይ አንድ የማብራሪያ ጥያቄ መጣ፤ ባንኮች ያለ ገደብ ቢያበድሩ በገንዘብ ዋጋ ላይ ምን ይደርሳል? ለምንስ? የእህቴ ልጅ የብድርን ትርጉም ጻፈች። ቀጥላ የማዕከላዊ ባንክን ትርጉም ጻፈች። በመጨረሻም የዋጋ ግሽበትን ትርጉም ጻፈች። ሦስቱም ትክክል ነበሩ፤ ጥያቄው ግን አልተመለሰም። ወረቀቷን እያሳየችኝ «ሁሉም እኮ አንተ ከጻፍክልኝ ውስጥ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ሦስቱን የሚያያይዘው ክር ግን እኔ ከጻፍኩላት ውስጥ አልነበረም።

የቅኔ ቤት ሊቃውንት ይህን ችግር ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ተማሪው ግስ ይወርዳል፤ ማለትም የግእዙን ቃላት በብዛት ያጠናል። ነገር ግን ግስ በማወቅ ብቻ ባለቅኔ የሆነ የለም። ከግሱ ጋር አገባብ መማር አለበት፤ ቃልን ከቃል፣ ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዙትን እነዚያን ጥቃቅን ቃላት። የእኛ ሾርት ኖት ግስ ብቻ ነው። አገባቡን «ቦታ ይፈጃል» ብለን ቆርጠን ጥለነዋል። የምዕራፉ ነፍስ ያለው ግን «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ይህ ካልሆነ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ነው።

ነገሩን በባዶ እንዳልወቅሰው፣ ያንኑ ምዕራፍ በሚቀጥለው እሑድ እንዴት እንደገና እንዳሳጠርነው ልንገራችሁ። በየትኛውም የኢኮኖሚክስ መግቢያ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ምዕራፍ ነው። በመጀመሪያ ትርጉሞቹን ሁሉ ትተን፣ የእያንዳንዱን ንዑስ ክፍል ርእስ ወደ ጥያቄ ለወጥነው። ንዑስ ክፍሉ የተጻፈው የትኛውን ጥያቄ ለመመለስ ነው? ቀጥሎ ደግሞ፣ መልሶ ሲያበቃ ምን አዲስ ችግር ትቶ ይሄዳል?

የመጀመሪያው ክፍል ስለ ዕቃ በዕቃ ልውውጥ ነው። ችግሩ ግልጽ ነው፤ በግ ያለው ሰው ጤፍ ሲፈልግ፣ ጤፍ ያለው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን በግ መፈለግ አለበት። ሁለቱ ፍላጎቶች ካልተገጣጠሙ ገበያው ይበተናል። ስለዚህ ሁሉም የሚቀበለው አንድ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል። ይህ ነገር ምን ምን መሥራት ይኖርበታል? ሁለተኛው ክፍል የሚመልሰው ይህን ነው፤ ያገበያያል፣ ዋጋ ይለካል፣ ሀብት ያስቀምጣል፣ ለወደፊት ዕዳ መስፈሪያ ይሆናል። በእኔ ሾርት ኖት ላይ እነዚህ አራቱ የሚሸመደዱ ነጥቦች ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሥራቸው ሌላ ነው። ሦስተኛው ክፍል የገንዘብ ዓይነቶችን የሚመዝንባቸው ሚዛኖች ናቸው።

ሚዛኑን በአገራችን ገንዘብ ሞከርነው። አሞሌ ጨው ከአፋር ቆላ በሲራራ ነጋዴ እየተጫነ ሲመጣ ያገበያያል፤ ከመነሻው በራቀ ቁጥርም ዋጋው ይጨምራል። ነገር ግን ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ስለዚህ ሀብት በማስቀመጥ ይወድቃል። የማሪያ ቴሬዛ ብር አይሟሟም። ነገር ግን ይከብዳል፣ ከባሕር ማዶም መምጣት አለበት። ወረቀት ቀላል ነው። ነገር ግን በራሱ ምንም አያወጣም፤ የሚቆመው በእምነት ብቻ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ ከጊዜ በኋላ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ፣ አብዛኛው ሕዝብ ከወረቀቱ ይልቅ ጠገራ ብሩን የመረጠው ይህ እምነት ገና ስላልነበረ ነው። የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ ስትደርስ «እንግዲያው ወረቀቱን እንደልብ ቢያበዙትስ?» አለች። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ ውስጥ የቀጣዩ ክፍል መግቢያ ነው። መጽሐፉን ሳትገልጥ ደረሰችበት።

አራተኛው ክፍል የሚያሳየው ገንዘብ የሚያበዛው ማተሚያ ቤት ብቻ አለመሆኑን ነው። አንድ ሰው 1,000 ብር ባንክ አስቀመጠ እንበል። ባንኩ 10 በመቶውን፣ ማለትም 100 ብር በመጠባበቂያ ያስቀምጣል፤ 900 ብሩን ያበድራል። ተበዳሪው ዕቃ ይገዛበታል፤ ሻጩም 900 ብሩን መልሶ ባንክ ያገባዋል። ከዚያ ላይ 90 ብር ተቀንሶ 810 ብር እንደገና ይበደራል። ይህ እስከ መጨረሻው ቢቀጥል፣ ከ1,000 ብር የተነሣው ተቀማጭ 10,000 ብር ይሆናል። በእኔ ሾርት ኖት ላይ ይህ ሁሉ «ማባዣ = 1 ሲካፈል ለመጠባበቂያው ምጣኔ» የሚል አንድ መስመር ነበር። ይህን መስመር የሸመደደ ተማሪ አሥር ብሎ ያሰላል። በእውነቱ ዓለም ግን ቁጥሩ ለምን ከአሥር እንደሚያንስ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ሒደቱን የተከተለ ተማሪ ግን ይመልሳል፤ ሰው ከገንዘቡ ከፊሉን በኪሱ ይዞ ይቀራል፣ ባንኩም ያለውን ሁሉ አያበድርም፤ በየደረጃው የሚቀር አለ።

እንግዲህ ባንክ በማበደር ገንዘብ የሚያበዛ ከሆነ፣ ዕቃው ባልበዛበት ገንዘቡ ቢበዛ ዋጋ ይንራል፤ ያ ሁሉ የቆመበት እምነትም ይሸረሸራል። ስለዚህ ገደብ የሚያበጅ አካል ያስፈልጋል። አምስተኛው ክፍል፣ ማዕከላዊ ባንክ፣ የገባው ለዚህ ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለመግታት የንግድ ባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ በወሰነ ጊዜ፣ ለእኔ ይህ አምስተኛ ክፍል በእግሩ ሄዶ ወደምሠራበት መስኮት መጣ። ብድር ጠያቂውን «ጠብቁ» ስለው ምክንያቱን በአራተኛው ክፍል ውስጥ አውቀው ነበር። ለእህቴ ልጅ ግን ያንኑ ምክንያት ቆርጬ ጥዬባታለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ መጽሐፉን ዘግተን ምዕራፉን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሠርነው፦ «ገንዘብ በእምነት የሚሠራ መገበያያ ነው፤ ባንኮች በማበደር ሊያበዙት ስለሚችሉ፣ እምነቱ እንዳይፈርስ መጠኑን የሚገድብ አካል ያስፈልጋል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ስለሚችሉ» የሚለውን አውጡት፤ ሦስት የማይተዋወቁ ትርጉሞች ይቀራሉ። ሃያ ሦስቱ ጽንሰ ሐሳቦችም ወደ ዘጠኝ ወረዱ። የቀሩት ያለ እነርሱ ቀጣዩ እርምጃ የማይገባባቸው ብቻ ናቸው። ተቀማጭ ከመጠባበቂያ ይቀድማል፣ መጠባበቂያ ከማባዣ ይቀድማል፤ በፊደል ተራ ወይም በገጽ ቅደም ተከተል ሳይሆን አንዱ አንዱን በሚወልድበት ተራ ተቀመጡ።

«ተማሪው ጊዜ የለውም፤ ፈተናውም በአብዛኛው ምርጫ ነው፤ ትርጉም ይበቃዋል» የሚሉኝ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። ትርጉም ብቻ የሚጠይቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ሾርት ኖቱ እነርሱን ያሠራል። ነገር ግን በደንብ የተዘጋጀ የምርጫ ጥያቄ አራቱንም አማራጮች ከእውነተኛ ቃላት ይሠራቸዋል። የሚለያቸው የትኛው የትኛውን እንደሚያመጣ ብቻ ነው። መጠባበቂያው ከፍ ሲል ብድር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ትርጉሙን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ዕጣ ይጥላል።

የባሰው ነገር ደግሞ የቋንቋው ጉዳይ ነው። የእህቴ ልጅ በመጀመሪያ ደረጃ በአፋን ኦሮሞ ተማረች፤ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የማስረዳት በአማርኛ ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስንሻገር ስሞቹ አይጠፉም፤ በደማቅ ቀለም ስለታተሙ ሁሉም ያሰምርባቸዋል። የሚጠፉት «ሀውኤቨር» እና «ዜርፎር» ናቸው፤ ለእነርሱ ደማቅ ቀለም ያሰበላቸው የለም። ስለዚህ ስሞቹን ፈተናው በሚጠራቸው በእንግሊዝኛው ተውናቸው፤ ማያያዣዎቹን ግን እርሷ በምታስብበት ቋንቋ፣ በራሷ እጅ እንድትጽፋቸው አደረግሁ። ያን ቀን እኔ የጻፍኩላት አምስቱን ጥያቄዎች ብቻ ነው።

ግጥም ለምንሞክር ሰዎች አንድ የቆየ መፈተኛ አለን፤ ስንኞቹ ቦታ ቢለዋወጡ ምንም የማይጎድለው ግጥም ገና አልተጻፈም። ይህንኑ ለሾርት ኖት አውሱት። ዛሬ ማታ የገዛችሁትን ወረቀት መቀስ አንሡና በየነጥቡ ቆራርጡት፤ ቁጥሮቹንም ቁረጡ። በውዝታችሁ መልሳችሁ ለመደርደር ሞክሩ። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ወረቀቱ ራሱ ከነገራችሁ፣ ገንዘባችሁ በከንቱ አልጠፋም። ካልነገራችሁ ግን የገዛችሁት ምዕራፍ አይደለም፤ የአንድ ምዕራፍ የዕቃ ዝርዝር ነው። እኔም አንድ ጊዜ ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ያንኑ ነበር።